በጾም ምግብ ጡንቻን መገንባት፦ በፕሮቲን የበለጸገ የአንድ ቀን የአመጋገብ ዕቅድ

ጡንቻ የሚገነባው በሁለት ነገሮች ነው፤ ጡንቻን በሚፈታተን የክብደት ማንሳት ልምምድና ከልምምዱ በኋላ ሰውነት ለጥገናና ለግንባታ በሚጠቀምበት በቂ ፕሮቲን። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት የሚመገብ ሰው ይህን መጠን ብዙ ሳይጨነቅ ሊያሟላ ይችላል። በጾም ወራት ወይም በግል ምርጫ ከእንስሳት ተዋጽኦ የታቀበ ሰው ግን የሚፈልገውን ፕሮቲን ከጥራጥሬ፣ ከእህልና ከቅባት እህሎች በስሌት ማግኘት ይኖርበታል። ይህ ጽሑፍ ስሌቱ እንዴት እንደሚሠራ፣ ዕቅዱ በአንድ የጾም ቀን ምን እንደሚመስልና የትኞቹ ጥንቃቄዎች ሊታለፉ እንደማይገባ ያብራራል።

የሚያስፈልገው መጠን

ከባድ የአካል እንቅስቃሴ የማያደርግ ጤናማ አዋቂ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደቱ 0.8 ግራም ያህል ፕሮቲን ይበቃዋል። ጡንቻ ለመገንባት በመደበኛነት ክብደት ለሚያነሳ ሰው ግን በኪሎ ግራም 1.6 ግራም ያህል ይመከራል። በዚህ መሠረት 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ወጣት በቀን 112 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል ማለት ነው።

የተለመደው የጾም ማዕድ ከዚህ መጠን ምን ያህል እንደሚርቅ ማስላት ይቻላል። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 12 ግራም ያህል ፕሮቲን ይዟል። በቀን ከ200 ግራም ዱቄት የተጋገረ እንጀራ፣ ከ50 ግራም የሽሮ ዱቄት የተሠራ ወጥና ከ40 ግራም ምስር የተሠራ ወጥ የሚመገብ ሰው በድምሩ 44 ግራም ያህል ያገኛል። ሆዱ ጠግቦ ሊነሳ ይችላል፤ ሆኖም ለጡንቻ ግንባታ ከሚያስፈልገው ከግማሽ በታች ነው የተመገበው። በጾም ወቅት ልምምዳቸውን ሳያቋርጡ ክብደታቸውና ጉልበታቸው የሚቀንስባቸው ሰዎች ችግር ብዙውን ጊዜ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ደረቅና የበሰለ ክብደትን መለየት

በስሌቱ ላይ በተደጋጋሚ የሚያጋጥመው ስህተት የደረቅ ጥራጥሬን መጠን ለበሰለው መቁጠር ነው። 100 ግራም ደረቅ ምስር 25 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ሲበስል ግን ውኃ ስለሚመጥ ክብደቱ ወደ 250 ግራም ገደማ ይደርሳል፤ በመሆኑም 100 ግራም የበሰለ ምስር የሚሰጠው 9 ወይም 10 ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ጥራጥሬው የሚመዘነው ከመብሰሉ በፊት ሊሆን ይገባል። በቤቱ ሚዛን የሌለው ሰው አንድ ኪሎ ምስር ገዝቶ በአሥራ ሁለት እኩል ክፍል ቢከፋፍለው እያንዳንዱ ክፍል 80 ግራም ገደማ ይሆናል፤ ይህም 20 ግራም ፕሮቲን ማለት ነው።

ከደረቅ ጥራጥሬዎች መካከል በፕሮቲን ይዘት ቀዳሚው አኩሪ አተር ሲሆን በ100 ግራም 36 ግራም ያህል ይገኝበታል። ለውዝ 26 ግራም፣ ሽምብራና ከጥራጥሬ የተዘጋጀ የሽሮ ዱቄት ደግሞ 20 ግራም ያህል ይሰጣሉ። ከዚህ እንደሚታየው ጥቂት የአኩሪ አተር ዱቄት በሽሮ ወይም በአጥሚት ላይ መጨመር የማዕዱን መጠን ብዙም ሳያሳድግ ፕሮቲኑን ከፍ ያደርጋል።

እህልንና ጥራጥሬን ማጣመር

ፕሮቲን ከአሚኖ አሲዶች የተሠራ ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ ዘጠኙን ሰውነት በራሱ ማምረት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት። ጤፍ፣ ስንዴና አጃን የመሳሰሉ እህሎች ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ያንሳቸዋል። ጥራጥሬዎች በአንጻሩ በላይሲን የበለጸጉ ሆነው ሜቲዮኒን የተባለው ያንሳቸዋል። እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር ወጥ ሲበላ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላል። ሁለቱ በቀኑ ውስጥ እስከተሟሉ ድረስ የግድ በአንድ ማዕድ መቅረብ አይኖርባቸውም።

የአንድ ቀን ዕቅድ

የሚከተለው ዕቅድ 70 ኪሎ ግራም ለሚመዝን፣ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ለሚጾምና ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ላይ ክብደት ለሚያነሳ ወጣት የተሰላ ነው።

ቀን 6 ሰዓት፦ ከ130 ግራም የጤፍ ዱቄት የተጋገረ እንጀራ 16 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል። ወጡ ከ60 ግራም የሽሮ ዱቄትና ከ20 ግራም የተቆላ የአኩሪ አተር ዱቄት ይዘጋጃል፤ ከዚህም 19 ግራም ይገኛል። የማዕዱ ድምር 35 ግራም ነው። ቲማቲምና ሎሚ የተጨመረበት ሰላጣ አብሮ ቢቀርብ በጥራጥሬውና በጤፉ ውስጥ ያለው ብረት በተሻለ ሁኔታ ወደ ሰውነት ይገባል።

ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት፦ 50 ግራም የሽምብራ ቆሎ ከ40 ግራም ለውዝ ጋር 20 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። አንድ ሙዝ ቢታከል ለልምምዱ የሚሆን ፈጣን ኃይል ይገኛል።

ምሽት 1 ሰዓት፦ ከልምምዱ በኋላ ከ100 ግራም ዱቄት የተጋገረ እንጀራ፣ ከ80 ግራም ደረቅ ምስር የተሠራ ወጥና አንድ ጭልፋ ጎመን ይቀርባል። ድምሩ 34 ግራም ነው።

ምሽት 4 ሰዓት፦ ከ60 ግራም የአጃ ዱቄትና ከ30 ግራም የተቆላ የአኩሪ አተር ዱቄት የተዘጋጀ አጥሚት፣ 20 ግራም የተፈጨ ለውዝ ተጨምሮበት፣ 24 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል።

የቀኑ ድምር 113 ግራም ነው። ለወጦቹ በአጠቃላይ አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ከተጨመረ ዕቅዱ 2,800 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይል ይኖረዋል። የኃይሉ መጠን ችላ ሊባል አይገባም፤ ምግቡ በአጠቃላይ ካነሰ ሰውነት ፕሮቲኑን ለግንባታ ከማዋል ይልቅ ለኃይል ምንጭነት ያቃጥለዋል።

እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ያንኑ መጠን በሦስት ማዕድ፣ በእያንዳንዱ 37 ግራም ያህል አድርጎ ሊከፍለው ይችላል። ጾም በማይሆንበት ጊዜ ከሥጋ ብቻ የሚታቀብ ሰው ደግሞ ምሽት 4 ሰዓት ላይ ያለውን አጥሚት በሁለት እንቁላልና በአንድ ብርጭቆ ተኩል ወተት ቢተካ ተመሳሳይ የፕሮቲን መጠን ያገኛል። የክብደት ልዩነት ሲኖር መጠኑ በተመሳሳይ ስሌት ይስተካከላል፤ 60 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው ግቡ 96 ግራም ይሆናል።

በዝግጅት ጊዜ የሚደረጉ ጥንቃቄዎች

አኩሪ አተር ጥሬውን ወይም በደንብ ሳይበስል መበላት የለበትም። በጥሬው ውስጥ የሚገኙ ንጥረ ነገሮች የፕሮቲን መፈጨትን ስለሚያግዱ የተመገቡት ሳይጠቅም ከመቅረቱም በላይ የሆድ ሕመም ያስከትላል። ፍሬው ሌሊቱን ተዘፍዝፎ፣ ውኃው ተደፍቶ፣ በአዲስ ውኃ እስኪለሰልስ መቀቀል ይኖርበታል። ዱቄቱም በሚገባ ከተቆላ ፍሬ ተፈጭቶ ከወጡ ወይም ከአጥሚቱ ጋር መንተክተክ አለበት።

የጥራጥሬን መጠን በአንድ ጊዜ በእጥፍ መጨመር የሆድ መነፋት ያስከትላል። ስለዚህ ወደ ሙሉው መጠን በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ መድረስ ይገባል። ሻይና ቡና የብረትን ወደ ሰውነት መግባት ስለሚቀንሱ ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ርቀው ቢጠጡ ይመረጣል።

ከሁሉም በላይ ብርቱ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጓያ ላይ ነው። ጓያ በፕሮቲን የበለጸገና ዋጋው ዝቅተኛ በመሆኑ ለዚህ ዓይነት ዕቅድ አመቺ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም በውስጡ የነርቭ ሥርዓትን የሚጎዳ መርዛማ ንጥረ ነገር አለ። ለሁለትና ሦስት ወራት ያህል ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን ሊያሽመደምድ ይችላል፤ ጉዳቱም አንዴ ከደረሰ አይድንም። በችግሩ ይበልጥ ከሚጠቁት መካከል ወጣት ወንዶች ይገኙበታል። መዘፍዘፍና ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ ፈጽሞ አያስወግደውም። በቀን ብዙ ሽሮ የሚመገብ ሰው የሽሮውን ዱቄት ምንነት ማወቅ የሚኖርበትም ለዚህ ነው፤ ጥራጥሬውን በፍሬው ገዝቶ፣ ለቅሞ ማስፈጨት አስተማማኙ መንገድ ነው። የባት መገተርና የእግር መክበድ፣ እንዲሁም ሲራመዱ የጉልበት መክዳት የልምምድ ድካም ተደርጎ ሊታለፍ አይገባም። የልምምድ ሕመም በጥቂት ቀናት ዕረፍት ይለቃል፤ በዕረፍት የማይለቅ መገተር ሲኖር ጓያ መመገብን ወዲያውኑ አቁሞ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ለውጡን መከታተል

ዕቅዱ መሥራቱ የሚታወቀው በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን፣ ጠዋት፣ ምግብ ሳይቀመስ በሚደረግ ምዘና ነው። 70 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው በሳምንት ከ200 እስከ 350 ግራም ጭማሪ ተገቢ ነው። በተከታታይ ሦስት ሳምንታት ክብደቱ ካልጨመረ ምግቡ በአጠቃላይ አንሷል ማለት ስለሆነ እንጀራውና ለውዙ ከፍ ሊል ይገባል። ክብደቱ እየጨመረ የሚያነሳው ክብደት ግን ካልጨመረና ወገቡ ከሰፋ ጭማሪው በአብዛኛው ስብ ነው፤ በዚህ ጊዜ የሚቀነሰው ዘይቱ እንጂ ጥራጥሬው አይደለም።

ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። በዓመቱ ውስጥ ከጾም ውጭ ወተትና እንቁላል የሚመገብ ጤናማ ሰው በጉበቱ ያከማቸው ክምችት የጾሙን ወራት ያሻግረዋል። ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚታቀብ ሰው ግን በጤና ባለሙያ ምክር ተጨማሪ ቫይታሚን መውሰድ ይኖርበታል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ከፍተኛ ፕሮቲን ያለው ይህን ዕቅድ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት፤ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ እንዲሁም ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ወጣት ከዚህ የተለየ ስሌት ያስፈልጋቸዋል።