የውስጥ ነጥብ ዘዴና ሲምፕሌክስ

በ1947 ዳንትዚግ ያቀረበው ሲምፕሌክስ መስመራዊ ፕሮግራምን የሚፈታው በገደቦቹ ጠርዝ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን እየሄደ ነው፤ የውስጥ ነጥብ ዘዴ ግን መሃሉን ሰንጥቆ ያልፋል። ወደ ድንበር የተጠጋን ነጥብ የሚቀጣ ሎጋሪዝም ከዓላማው ጋር ይደመራል፤ የቅጣቱ ክብደት μ እየቀነሰ ሲሄድ የየክብደቱ ምርጥ ነጥቦች የሚሠሩት መስመር ማዕከላዊ መንገድ ይባላል። ለምሳሌ ከ0 እስከ 1 ያለውን xን ለማሳደግ x + μ(ln x + ln(1−x)) ቢወሰድ፣ ምርጡ x በμ = 1 ወደ 0.618፣ በμ = 0.1 ወደ 0.91 ይደርሳል፤ 1ን ግን አይነካም።

ክሊና ሚንቲ በ1972 ሲምፕሌክስ ማዕዘኑን ሁሉ የሚዞርበትን ምሳሌ ስላሳዩ ዘዴው ያበቃለት ሊመስል ይችላል። እንዲህ ያለው ግን በተግባር ብርቅ ነው። የውስጥ ነጥብ እርምጃዎች ጥቂት ቢሆኑም እያንዳንዱ ውድ ነው፤ ይሁንና ትልቅና ዜሮ የበዛበት ችግር ከባዶ ሲፈታ ይህ ዘዴ ብዙ ጊዜ ሲምፕሌክስን ይቀድማል። አንድ ገደብ ተጨምሮ እንደገና ሲፈታ ግን ሲምፕሌክስ ከቀድሞው ማዕዘን ስለሚነሳ ይፈጥናል።