ሐሰተኛ የታክስ እና የመብራት ዕዳ ማስጠንቀቂያ

ሐሰተኛ የታክስ እና የመብራት ዕዳ ማስጠንቀቂያ አጭበርባሪዎች ራሳቸውን የታክስ መሥሪያ ቤት ወይም የመብራት፣ የውኃ ወይም የጋዝ ኩባንያ አስመስለው የሚልኩት ደብዳቤ፣ ኢሜይል፣ አጭር የጽሑፍ መልእክት ወይም የስልክ ጥሪ ነው። መልእክቱ ያልተከፈለ ዕዳ እንዳለ ይናገርና ዛሬውኑ ካልተከፈለ ቅጣት፣ እስራት ወይም የአገልግሎት መቋረጥ እንደሚከተል ያስፈራራል። ድርጊቱ በብዙ አገሮች ይታወቃል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በርካታ አማርኛ ተናጋሪዎች በሚኖሩባት በዩናይትድ ስቴትስ ያለውን መልኩን ነው።

ሐሰተኛውን ከእውነተኛው የሚለየው ዋና ነገር የወረቀቱ ማኅተም ወይም የቋንቋው ጥራት ሳይሆን ጊዜ ነው። እውነተኛ ዕዳ በሕግ የተቆጠሩ ቀናት አሉት። ሐሰተኛው ግን ሰውየው ሌላ ሰው የሚያማክርበት ሰዓት እንኳ እንዳያገኝ ሆኖ የተዘጋጀ ነው።

## እውነተኛው ዕዳ የሚያልፍበት መንገድ

የአሜሪካ ፌዴራል የታክስ መሥሪያ ቤት (አይአርኤስ) አሠሪዎች፣ ባንኮችና ሌሎች ከፋዮች የላኩለትን የገቢ መረጃ ግለሰቡ ካቀረበው የታክስ ማስታወቂያ ጋር ያስተያያል። ለምሳሌ በመተግበሪያ ታክሲ የሚነዳ ሰው ያስመዘገበው ገቢ ኩባንያው ካስታወቀው ካነሰ፣ CP2000 የተባለ ደብዳቤ ሊደርሰው ይችላል። ይህ ደብዳቤ የክፍያ ትእዛዝ አይደለም። መሥሪያ ቤቱ ልዩነት ማግኘቱን ገልጾ የታክሱን መጠን ለማስተካከል የሚያቀርበው ሐሳብ ነው። ተቀባዩ እንዲስማማ ወይም እንዲቃወም በአብዛኛው 30 ቀን ይሰጠዋል።

መልስ ካልመጣ ወይም ስምምነት ካልተገኘ ሌላ ደብዳቤ ይከተላል። ይህኛው ጉዳዩን ወደ ታክስ ፍርድ ቤት ለመውሰድ የ90 ቀን ጊዜ ይሰጣል። ያ ጊዜ ካለፈና ታክሱ ከተመዘገበ በኋላ ነው የመጀመሪያው የክፍያ ሂሳብ የሚላከው፤ የመክፈያ ጊዜውም በተለምዶ 21 ቀን ነው። ዕዳው አሁንም ካልተከፈለ ተጨማሪ ማሳሰቢያዎች ይደርሳሉ። ደመወዝ ወይም የባንክ ሂሳብ ከመያዙ በፊት ደግሞ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ የመጨረሻ ማስታወቂያ መላክና ባለዕዳው ይሰማልኝ ብሎ የሚያመለክትበት 30 ቀን መስጠት ግዴታ ነው።

በእነዚህ ጊዜያት ወለድና ቅጣት መቆጠሩ አይቀርም። ስለዚህ እውነተኛ ደብዳቤን ችላ ማለት ያስከፍላል። ሆኖም ከዚህ ሁሉ ደረጃ አንዱም «ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት» የሚል አይደለም።

## የ2016ቱ ሐሰተኛ CP2000

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 አይአርኤስ በስሙ የሚሰራጭ ሐሰተኛ የ CP2000 ደብዳቤ መኖሩን በይፋ አስታወቀ። ደብዳቤው ከቴክሳስ ግዛት ከኦስቲን ከተማ የተላከ መስሎ የሚታይ ሲሆን፣ ያልተከፈለው ታክስ ከጤና መድን ሕግ ጋር የተያያዘና የ2014ን ሽፋን የሚመለከት ነው ይል ነበር። እውነተኛውን ደብዳቤ በስምም በቅርጽም ስለሚመስል ስህተቱን ለማግኘት በዝርዝር ማንበብ ያስፈልግ ነበር።

የመጀመሪያው ምልክት የመጣበት መንገድ ነው። ሐሰተኛው ከኢሜይል ጋር ተያይዞ ይላክ ነበር፤ እውነተኛው CP2000 ግን በፖስታ እንጂ የኢሜይል አባሪ ሆኖ አይላክም። ሁለተኛው የክፍያው ተቀባይ ስም ነው። ሐሰተኛው ቼኩ «አይ.አር.ኤስ.» ተብሎ እንዲጻፍና በኦስቲን ወደሚገኝ የፖስታ ሳጥን እንዲላክ ይጠይቃል፤ ለፌዴራል ታክስ የሚጻፍ ቼክ ግን ተቀባዩ «ዩናይትድ ስቴትስ ትሬዠሪ»፣ ማለትም የአገሪቱ ግምጃ ቤት ነው። ሦስተኛው በክፍያ ወረቀቱ ላይ የነበረው የደብዳቤ ቁጥር ነው። ደብዳቤው CP2000 ነኝ እያለ ወረቀቱ ላይ ግን 105C የሚል ሌላ ቁጥር ነበረው። በኢሜይሉ ውስጥ በቀጥታ ለመክፈል የሚያስችል ሊንክም ነበረበት።

ከእነዚህ ምልክቶች አንዱን አጭበርባሪው በቀላሉ ሊያርመው ይችላል። የማያርመው የገንዘቡን መድረሻ ነው፤ ለግምጃ ቤቱ የተጻፈ ቼክ ለእርሱ አይጠቅመውም። ስለዚህ ደብዳቤ ሲመረመር በቅድሚያ የሚታየው ገንዘቡ በማን ስምና በምን መንገድ እንደሚከፈል ነው።

## በስልክ የሚመጣው ማስፈራሪያ

በስልክ የሚደረገው ማጭበርበር በስፋት የታወቀው ከ2012 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት ነው። በሕንድ በአህመዳባድ ከተማ የነበሩ የጥሪ ማዕከላት ሠራተኞች የአይአርኤስ ወይም የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ነን እያሉ ወደ አሜሪካ ይደውሉ ነበር። የሚደወልላቸውን ሰዎች መረጃ ከመረጃ ሻጮችና ከሌሎች ምንጮች ያገኙት ነበር። የደነገጠው ሰው ቅድሚያ ክፍያ ካርድ ገዝቶ ቁጥሩን እንዲያነብ ወይም ገንዘብ በሐዋላ እንዲልክ ይደረጋል። አሜሪካ ውስጥ ያሉ ተባባሪዎች ደግሞ ገንዘቡን በፍጥነት ያወጡታል።

በጥቅምት 2016 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር 56 ሰዎችንና አምስት የጥሪ ማዕከላትን መክሰሱን አስታወቀ። በዚያው ወር በሙምባይ አቅራቢያ የሕንድ ፖሊስ በተመሳሳይ ሥራ የተሰማሩ ማዕከላትን ፈትሾ ከ700 በላይ ሰዎችን ለምርመራ ይዟል። በሐምሌ 2018 ከአሜሪካው ክስ ተከሳሾች 21ዱ ተፈረደባቸው፤ ከፍተኛው ቅጣት 20 ዓመት እስራት ነበር።

ደዋዩ ከኢሚግሬሽን ነኝ ማለቱ ለስደተኛ ማኅበረሰቦች የተለየ ትርጉም አለው። የመኖሪያ ፈቃዱ ገና ያልጸና ሰው «ከአገር ትባረራለህ» ሲባል የሚሰማው ፍርሃት ዕዳው ይኑር አይኑር ከመጠየቅ ያግደዋል። አይአርኤስ ግን ማንንም ከአገር የማስወጣት ሥልጣን የለውም።

## የመብራት መቋረጥ ማስፈራሪያ

የመብራት ኩባንያን ስም የሚጠቀሙ አጭበርባሪዎች ብዙ ጊዜ ምግብ ቤቶችንና ሌሎች ትናንሽ ንግዶችን ይመርጣሉ። ምክንያቱም መብራት ሲጠፋ ጉዳቱ በደቂቃ የሚቆጠረው እዚያ ነው። የተለመደው አካሄድ በሚከተለው ምሳሌ ይታያል።

ዓርብ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ጠረጴዛዎች ሞልተው ሳለ፣ ስልክ ይደወላል። በስልኩ መስኮት ላይ የመብራት ኩባንያው ስም ይታያል። ደዋዩ ሦስት ሂሳብ እንዳልተከፈለና ቆራጮች መንገድ ላይ መሆናቸውን፣ በ30 ደቂቃ ውስጥም እንደሚደርሱ ይናገራል። ባለቤቱ «ከፍያለሁ እኮ» ሲል ደዋዩ አይከራከርም፤ ክፍያው ሲስተም ላይ አልገባም፣ አሁን ተከፍሎ በኋላ ተጣርቶ ይመለሳል ይላል። ካርድ በመስጠት ልክፈል ሲባል ደግሞ የመቋረጥ ትእዛዝ ከወጣ በኋላ ካርድ አይሠራም፤ በዜል መላክ ወይም በአቅራቢያው ካለ ሱቅ የስጦታ ካርድ መግዛት ያስፈልጋል ይላል። ስልኩ እንዳይዘጋም ያስጠነቅቃል።

እዚህ ላይ እያንዳንዱ ቃል ሥራ አለው። የምሳ ሰዓት የተመረጠው ባለቤቱ ሂሳቡን አውጥቶ እንዳያይ ነው። «በኋላ ይመለሳል» የሚለው ክርክሩን ይዘጋል። ስልኩ እንዳይዘጋ የሚደረገው ሰውየው ለሌላ እንዳይደውል፣ የሱቁ ገንዘብ ተቀባይም ለምን እንደሚገዛ ብትጠይቀው በነፃነት እንዳይመልስ ነው። የስጦታ ካርድ የሚፈለገው ተፍቆ ቁጥሩ እንደተነበበ በውስጡ ያለው ገንዘብ ሌላ ቦታ ሆኖ ሊወጣ ስለሚችል ነው። ካርዱ በገዢው እጅ ይቀራል፤ ገንዘቡ ግን ሄዷል።

በእውነተኛው አሠራር ከመቋረጥ በፊት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አስቀድሞ ይላካል። የቀኑ ብዛት እንደ ግዛቱ ሕግ ይለያያል፤ በክፍል የመክፈል ስምምነትም ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል። ማጣራቱም ቀላል ነው፤ ስልኩን ዘግቶ በወርሃዊው ሂሳብ ላይ ወደታተመው ቁጥር መደወል ነው። ደዋዩ ወደ ሰጠው ቁጥር መደወል ግን ማጣራት አይደለም፤ እዚያም የኩባንያውን የሚመስል የተቀዳ ድምፅና «ለሂሳብ ክፍል አንድን ይጫኑ» የሚል ምርጫ ሊገኝ ይችላል።

## የደዋይ ቁጥርና የድረ ገጽ አድራሻ

በስልክ መስኮት የሚታየው ስምና ቁጥር ማስረጃ የማይሆነው ከጥሪው ጋር ተያይዞ የሚላክ መረጃ ስለሆነና በኢንተርኔት ስልክ የሚደውል ሰው የፈለገውን ቁጥር ሊያስገባበት ስለሚችል ነው። ይህን ለመቀነስ ትልልቅ የአሜሪካ የስልክ ኩባንያዎች ከሰኔ 30 ቀን 2021 ጀምሮ ጥሪዎችን በዲጂታል ፊርማ እንዲያረጋግጡ ግዴታ ተጥሎባቸዋል። ፊርማው ግን ጥሪው በድሮዎቹ የስልክ መስመሮች ሲያልፍ ይጠፋል። ቢኖርም የሚናገረው ስለ ቁጥሩ እንጂ ስለ ደዋዩ ቅንነት አይደለም።

በኢሜይልና በጽሑፍ መልእክት ከሚመጣ ሊንክ ደግሞ የሚታየው የአድራሻው ክፍል ከመጀመሪያው ነጠላ `/` በፊት ያለው መጨረሻ ነው። ለምሳሌ፦

```
https://www.irs.gov/payments
https://irs.gov.tax-notice.example/payments
```

የመጀመሪያው የመሥሪያ ቤቱ ነው። በሁለተኛው `irs.gov` የሚለው መጀመሪያ ላይ ቢታይም የአድራሻው ባለቤት `tax-notice.example` ያስመዘገበው ሰው ነው። ከፊት ያለውን ባለቤቱ እንደፈለገ ይጽፈዋል። የስልክ መስኮት ጠባብ ስለሆነ አንዳንድ ጊዜ የአድራሻው የፊት ክፍል ብቻ ይታያል፤ ማታለሉም እዚህ ላይ ነው።

## ምልክቶቹ የማይበቁበት ጊዜ

«መሥሪያ ቤቱ በፍጹም አይደውልም» የሚለው የተለመደ ምክር ትክክል አይደለም። አይአርኤስ ከ2017 ጀምሮ አንዳንድ የቆዩ ዕዳዎችን ለግል ሰብሳቢ ድርጅቶች ይሰጣል፤ እነርሱም ይደውላሉ። ሆኖም አስቀድሞ ጉዳዩ ለየትኛው ድርጅት እንደተሰጠ የሚገልጽ ደብዳቤ ይላካል፤ ክፍያውም የሚሄደው ወደ ግምጃ ቤቱ ነው። የመብራት ኩባንያዎችም ለማስታወስ ይደውላሉ። እንዲሁም ሰውየው በእርግጥ ዕዳ ሊኖርበት ይችላል፤ አጭበርባሪው ይህን ሳያውቅ ቢገጣጠምለት ጥሪው እውነት ይመስላል። ዕዳ መኖሩ ግን ደዋዩ ተገቢው ሰብሳቢ መሆኑን አያረጋግጥም።

## ገንዘብ ከተከፈለ በኋላ

የመመለስ ዕድሉ በመክፈያው መንገድና በፍጥነት ይወሰናል። በክሬዲት ካርድ የተከፈለን ገንዘብ በካርዱ ባንክ በኩል መከራከር ይቻላል። የስጦታ ካርድ ከሆነ ካርዱንና ደረሰኙን ሳይጥሉ ወዲያውኑ ለካርዱ ኩባንያ መደወል ያስፈልጋል፤ ያልወጣ ገንዘብ ካለ ሊያግዱት ይችላሉ። በዜል የተላከ ገንዘብ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚደርስ መመለሱ አስቸጋሪ ነው፤ ቢሆንም ባንኩ ወዲያውኑ ሊነገረው ይገባል። የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ተሰጥቶ ከሆነ በሌላ ሰው ብድር እንዳይወሰድበት በሦስቱ የብድር ታሪክ መዝጋቢ ድርጅቶች ዘንድ መዝገቡን ማስዘጋት ይቻላል፤ ይህም ክፍያ የለውም። ጥቆማ በ `reportfraud.ftc.gov` ይቀርባል።