የልኬት ክልልና የውሳኔ ነጥብ፦ የኢንተርፌሮን ጋማ ሳንድዊች ኢላይዛ ንድፍ፣ የስታንዳርድ ከርቭና የናሙና ንባብ

አጠቃሎ

ድብቅ የሳንባ ነቀርሳን ለመለየት የሚሠራው የደም ምርመራ በመጨረሻ ደረጃው ኢንተርፌሮን ጋማን የሚለካ ሳንድዊች ኢላይዛ ነው። ይህ መጣጥፍ የምርመራውን ንድፍ ካብራራ በኋላ በማሳያ ቁጥሮች ከርቩን ይሠራል፤ አራት ንባቦችንም በእርሱ ይመዝናል። የሚከራከርለት ነጥብ አንድ ነው፤ ንባቡ ከስታንዳርዶቹ መካከል መውደቁ ብቻውን ውጤቱን አስተማማኝ አያደርገውም፣ ከስታንዳርዶቹ ውጭ መውደቁም ብቻውን አያስጥለውም። ወሳኙ ንባቡ የሚመልሰው ጥያቄ ነው።

1. መነሻ

በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ከኮለምበስ ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በፒከሪንግተን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ለመኖሪያ ፈቃድ ሲያመለክት የሕክምና ምርመራ ማድረግና የተሞላውን ቅጽ I-693 ማቅረብ ይጠበቅበታል። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2018 ጀምሮ ዕድሜያቸው ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ አመልካቾች ለሳንባ ነቀርሳ የሚመረመሩት በቆዳ መርፌ ሳይሆን በደም ነው። ለኢትዮጵያውያን ይህ ለውጥ ትርጉም አለው። በሕፃንነት የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት የቆዳ ምርመራውን ሊያሳስት ይችላል፤ በደም ምርመራው የሚሠራባቸው ኢሳት-6 እና ሲኤፍፒ-10 የተባሉት ፕሮቲኖች ግን በቢሲጂ ባክቴሪያ ውስጥ የሉም። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከፍተኛ ከሆነባቸው 30 አገሮች አንዷ በመሆኗ፣ ከዚያ የመጣ ሰው ደም ለእነዚህ ፕሮቲኖች ምላሽ ቢሰጥ የሚያስገርም አይደለም። ውጤቱ ፖዘቲቭ ከሆነ አመልካቹ የደረት ራጅ ይነሣል።

በስፋት ከሚሠራባቸው ምርመራዎች አንዱ ኳንቲፌሮን ቲቢ ጎልድ ፕላስ ነው። ደሙ በአራት ቱቦዎች ይቀዳል። ኒል የሚባለው ቱቦ ምንም ማነቃቂያ የለበትም፤ ቲቢ1 እና ቲቢ2 የባክቴሪያውን ፕሮቲኖች ይዘዋል፤ ማይቶጅን ደግሞ የነጭ የደም ሕዋሳቱን የመንቃት አቅም ያሳያል። ቱቦዎቹ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ16 እስከ 24 ሰዓት ከቆዩ በኋላ፣ ሕዋሳቱ ያመነጩት ኢንተርፌሮን ጋማ በፕላዝማው ውስጥ ይለካል። ዘዴው መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በአውስትራሊያ ለከብት ሳንባ ነቀርሳ ነበር፤ ወደ ሰው የተሸጋገረው ከዚያ በኋላ ነው።

2. ንድፉ

በሳንድዊች ኢላይዛ የሚፈለገው ሞለኪውል በሁለት አንቲቦዲዎች መካከል ይያዛል። ያዡ አንቲቦዲ ከፕሌቱ ጉድጓድ ጋር ተጣብቋል፤ አመልካቹ አንቲቦዲ ደግሞ ቀለም የሚያወጣ ኤንዛይም ተሸክሟል። ሁለቱ የሞለኪውሉን የተለያዩ ቦታዎች መያዝ አለባቸው፤ አለበለዚያ አንዱ የያዘውን ቦታ ሌላው ሊያገኘው አይችልም። ኢንተርፌሮን ጋማ ከሁለት አንድ ዓይነት ክፍሎች የተሠራ በመሆኑ አንዱ አንቲቦዲ በሁለቱም ወገን ሊሠራ ይችል ይሆናል። ቢሆንም የተለያየ ቦታ የሚይዝ ጥንድ መምረጥ ይሻላል፤ ያኔ አመልካቹ አንቲቦዲ ለመያዣ ቦታ ከያዡ ጋር አይሻማም።

ምርመራውን ከመነሻው የሚነድፍ ባለሙያ ያዡን አንቲቦዲ በፒኤች 9.6 የካርቦኔት በፈር ውስጥ በሚሊ ሊትር ከ1 እስከ 10 ማይክሮ ግራም አድርጎ ያዘጋጃል፣ በጉድጓዶቹ ውስጥም በ4 ዲግሪ ያሳድረዋል። ትክክለኛውን መጠን የሚያገኘው በአንድ ፕሌት ላይ ያዡን በአግድም፣ አመልካቹን በቁልቁል እያቀጠነ በመፈተሽ ነው። የሚመርጠው ቀለሙ ከሁሉ የደመቀበትን ጥምር አይደለም፤ ዝቅተኛው ስታንዳርድ ከዜሮው ስታንዳርድ በግልጽ የሚለይበትን ነው። ደማቅ ቀለም ከደማቅ ዜሮ ጋር ከመጣ ፋይዳ የለውም። የአንዳንድ ሰዎች ደም የአይጥ አንቲቦዲን የሚያያይዙ አንቲቦዲዎች ስለሚኖሩት ኢንተርፌሮን ጋማ ሳይኖር ሳንድዊቹ ተሠርቶ ሊገኝ ይችላል። ለዚህም የአይጥ ሴረም በማቅጠኛው ውስጥ ይጨመራል።

በኳንቲፌሮን 50 ማይክሮ ሊትር ፕላዝማና 50 ማይክሮ ሊትር አመልካች አንቲቦዲ አንድ ላይ ገብተው ለሁለት ሰዓት ይቆያሉ። አሠራሩ አንድ እጥበት ያስቀራል፤ ነገር ግን ዋጋ አለው። ሞለኪውሉ ከልክ ሲበዛ ሁለቱን አንቲቦዲዎች ለየብቻ ስለሚሞላቸው ሳንድዊቹ አይሠራም፣ ምልክቱም ከመጨመር ይልቅ ይወርዳል። ይህ ከተጠረጠረ መፈተሻው ማቅጠን ነው፤ ናሙናው አሥር እጥፍ ቀጥኖ ተነቦ በአሥር ሲባዛ ከመጀመሪያው ጎልቶ የሚበልጥ ውጤት ከሰጠ የመጀመሪያው ንባብ አሳሳች ነበር ማለት ነው።

3. ከርቩ

የኳንቲፌሮን ኪት ስታንዳርዶች በሚሊ ሊትር 4፣ 1፣ 0.25 እና 0 ኢንተርናሽናል ዩኒት ናቸው። እያንዳንዱ ከፊተኛው አራት እጥፍ ስለሚቀጥን፣ የመጀመሪያው ላይ የተፈጸመ የፒፔት ስሕተት ወደ ተከታዮቹ ይወርዳል። ይህ ስሕተት ተንኮለኛ ነው፤ ሦስቱም ነጥቦች አብረው ስለሚንሸራተቱ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይታያል፣ የመስመሩ ጥራት መለኪያም አያጋልጠውም። የሚያጋልጠው መጠኑ ታውቆ ለብቻው የተዘጋጀ መቆጣጠሪያ ናሙና ነው።

ለማሳያ የሚከተለውን የብርሃን ምጠት እንውሰድ፦ ለ4 ዩኒት 1.780፣ ለ1 ዩኒት 0.520፣ ለ0.25 ዩኒት 0.150፣ ለዜሮ 0.030። ኪቱ የሚያዘው የምጠቱንና የመጠኑን ሎጋሪዝም ወስዶ፣ ዜሮውን ትቶ ቀጥታ መስመር ማበጀት ነው። ከሦስቱ ነጥቦች የሚወጣው መስመር ይህ ነው፦

```
ln(OD) = 0.892 * ln(C) - 0.658
C = exp((ln(OD) + 0.658) / 0.892)
```

መስመሩ ከተሠራ በኋላ ስታንዳርዶቹን ራሳቸውን መልሶ ማስላት ያስፈልጋል። እዚህ 3.99፣ 1.00 እና 0.25 ይመጣል፤ ጥሩ ነው። የኪቱም መስፈርቶች ተሟልተዋል፦ ከፍተኛው ስታንዳርድ ከ0.600 አያንስም፣ ዜሮው ከ0.150 አይበልጥም፣ የመስመሩም የተዛምዶ ቁጥር ከ0.98 በላይ ነው።

አዎንታና አሉታን መለየት ሳይሆን መጠኑን ራሱን ማወቅ ለሚሻ ጥናት ሦስት ነጥብ አይበቃም። ያኔ ከስድስት ያላነሱ ስታንዳርዶች ተዘጋጅተው፣ ከታችና ከላይ የሚተኛውን የኤስ ቅርጽ የሚከተል ባለ አራት መለኪያ ከርቭ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2022 የጸደቀው ICH M10 የተባለው ዓለም አቀፍ መመሪያ መልሰው የተሰሉት ስታንዳርዶች ከትክክለኛ ዋጋቸው ከ20 በመቶ፣ በሁለቱ ጠርዞች ደግሞ ከ25 በመቶ በላይ እንዳይርቁ ይጠይቃል። የልኬቱ ክልል የሚባለው ይህን ፈተና ባለፉት ዝቅተኛና ከፍተኛ ነጥቦች መካከል ያለው ነው። ቀለም የሚታይበት ቦታ ሁሉ ክልል አይደለም።

4. አራት ንባቦች

አንድ ናሙና በዚሁ ፕሌት ላይ እንደሚከተለው ተነበበ እንበል፦

| ቱቦ | ምጠት | የተሰላ መጠን |
|---|---|---|
| ኒል | 0.062 | 0.09 |
| ቲቢ1 | 0.254 | 0.45 |
| ቲቢ2 | 0.170 | 0.29 |
| ማይቶጅን | 3.100 | 7.4 |

ከቲቢ1 ወይም ከቲቢ2 ላይ ኒል ተቀንሶ ቀሪው 0.35 ዩኒትና ከዚያ በላይ፣ እንዲሁም ከኒሉ 25 በመቶ ያላነሰ ከሆነ ውጤቱ ፖዘቲቭ ነው፤ ለዚህም ኒሉ ከ8 ዩኒት መብለጥ የለበትም። እዚህ ቁጥሮቹ ሳይጠጋጉ ኒል ሲቀነስ ቲቢ1 0.36፣ ቲቢ2 ደግሞ 0.19 ይሆናል። ስለዚህ ናሙናው በቲቢ1 ምክንያት ፖዘቲቭ ነው።

ማይቶጅን ከከፍተኛው ስታንዳርድ በላይ ስለሆነ 7.4 የሚለው ቁጥር መስመሩን ከነጥቦቹ አልፎ በማስረዘም የተገኘ ግምት ነው። መጠኑን ለማወቅ ብንፈልግ ፕላዝማውን አቅጥነን እንደገና ማንበብ ነበረብን። ከማይቶጅን የሚጠየቀው ግን ሕዋሳቱ መንቃት ይችላሉ ወይ የሚለው ብቻ ነው፤ መስፈርቱም ኒል ተቀንሶ 0.5 ነው። ሰባትም ይሁን አሥር መልሱ አይለወጥም። ይህ ከክልል ውጭ ሆኖም የሚሠራ ንባብ ነው።

ኒል በተቃራኒው ጠርዝ ነው። 0.09 ከዝቅተኛው ስታንዳርድ በታች ነው፤ እዚያ ያለውን መዛባት ለማየት የዜሮውን ስታንዳርድ በዚሁ ቀመር ማስላት ይበቃል። ምንም ኢንተርፌሮን ጋማ የሌለበት ጉድጓድ 0.04 ዩኒት ይሰጣል። የሎጋሪዝም መስመር የፕሌቱን የራሱን ቀለም ስለማያውቅ ወደ ዜሮ ሊወርድ አይችልም። ስለዚህ ኒሉ እስከ 0.04 ያህል ተጋንኖ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ከቲቢ1 ላይ ከሚገባው በላይ ያስቀንሳል። ታዲያ ዜሮውን እየቀነስን ለምን አናስተካክለውም? 0.35 የተባለው የመለያ ነጥብ ራሱ የተተከለው በዚሁ ስሌት ላይ ነው። ስሌቱን የለወጠ ሰው የመለያ ነጥቡንም ሳያውቀው ያንቀሳቅሰዋል።

ከአራቱ የበለጠ መመርመር ያለበት ቲቢ1 ነው፤ በስታንዳርዶቹ መካከል በምቾት ተቀምጧልና ማንም አይጠረጥረውም። ምጠቱ 0.254 መሆኑ ቀርቶ 0.244 ቢሆን ኖሮ መጠኑ 0.43፣ ኒል ሲቀነስ 0.34 ይሆን ነበር፤ ያው ሰው ኔጌቲቭ ይባላል ማለት ነው። የ0.010 ልዩነት ከንባቡ 4 በመቶ ያህል ነው፤ 50 ማይክሮ ሊትር ላይ ወደ 2 ማይክሮ ሊትር የሚጠጋ የፒፔት ጉድለት ሊያመጣው ይችላል። የሚያሳስበው ደግሞ ኪቱ ለዝቅተኛው ስታንዳርድ የሚፈቅደው ልዩነት ከዚህ ሰፊ መሆኑ ነው፤ ጥንድ ጉድጓዶቹ ከአማካያቸው እስከ 0.040 ሊርቁ ይፈቀድላቸዋል። በእኛ ከርቭ ላይ ይህ ከ0.110 እስከ 0.190 ያለ ምጠት ነው፤ ሲሰላ ከ0.18 እስከ 0.32 ዩኒት ይሆናል። ፕሌቱ ሁሉንም ፈተና አልፎ እንኳ ለመለያው ነጥብ ቅርብ የሆነውን ናሙና በእርግጠኝነት ሊለይ አይችልም ማለት ነው። የናሙናው ጉድጓድ በተለምዶ አንድ ብቻ ስለሆነም ከጎኑ የሚያርመው የለም።

5. መደምደሚያ

ከዚህ ሦስት የአሠራር ነጥቦች ይከተላሉ። ላቦራቶሪው ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ ከማለት አልፎ የአራቱንም ቱቦዎች ቁጥር ለሐኪሙ መስጠት አለበት፤ 0.36 እና 6.0 በአንድ ቃል ሲጠሩ የሚጠፋው መረጃ ሐኪሙ የሚያስፈልገው ነው። በደቡብ አፍሪካ በተደረገ ጥናት ከ0.2 እስከ 0.7 ያለው መጠን እርግጠኝነት የሌለበት ክልል ሆኖ ቀርቧል፤ በዚያ መካከል የወደቀ ናሙና ከተረፈው ፕላዝማ በጥንድ ጉድጓድ ቢደገም ቢያንስ የፒፔቱ ድርሻ ይለያል። የደሙ የራሱ ከቀን ቀን መለዋወጥ ግን በፕላዝማ ድግግሞሽ አይታይም፤ አዲስ ደም ያስፈልገዋል። ሦስተኛው የመቆጣጠሪያው ናሙና ምርጫ ነው። ብዙ ላቦራቶሪዎች አንድ ከፍተኛና አንድ ዝቅተኛ መቆጣጠሪያ ያስቀምጣሉ፤ ሁለቱም ከመለያው ነጥብ ከራቁ በነጥቡ ላይ ስላለው ስሕተት የሚናገሩት ነገር የለም። በ0.35 አካባቢ የተዘጋጀ መቆጣጠሪያ በየፕሌቱ ሲነበብ ላቦራቶሪው የራሱን መዋዠቅ በዚያው ቦታ ያውቃል፤ አንድ 0.36 ምን ያህል ሊታመን እንደሚገባ የሚወስነውም ያ የራሱ ቁጥር ነው።