የኮምፒውተር የዓይን ድካም፦ ተከሳሹ እንዴት ከጨረር ወደ ሰማያዊ ብርሃን ተለወጠ?

ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የዋለ ሰው ማታ ላይ ዓይኑ ይቆጠቁጠዋል፣ ፊደሉ ይደበዝዝበታል፣ ግንባሩንም ያመዋል። ታዲያ ይህን ለመነጽር ሻጭ ብትነግሩት ሰማያዊ ብርሃን የሚያጣራ ሌንስ ግዙ ሊላችሁ ይችላል። አንዳንዱ ትንሽ የጨረር ባትሪ አውጥቶ ሌንሱ ላይ ያበራና «ይኸው፣ አላሳለፈም!» ብሎ ያሳያችኋል። ለመሆኑ ሰማያዊው ብርሃን ከመቼ ወዲህ ነው የተከሰሰው? የዓይን ድካሙ ራሱ ከክሱ ይቀድማል። ነገሩን ለመፍረድ የሚረዳንም ይኸው የጊዜ ቅደም ተከተል ነው።

ስክሪን ወደ ቢሮ በብዛት የገባው በ1970ዎቹ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የዚያን ጊዜው ስክሪን እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ከኋላው ወፍራም የሆነ ሣጥን ነበር። ብዙዎቹ በጥቁር መደብ ላይ አረንጓዴ ወይም ብርቱካናማ ፊደል ብቻ ያሳዩ ነበር። በ1977 በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የሚሠሩ ሁለት ወጣት አርታኢዎች የዓይን ሞራ ሲይዛቸው ጥርጣሬው በስክሪኑ ጨረር ላይ ወደቀ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተመራማሪዎች ሄደው ጨረሩን ለኩት፤ ከተፈቀደው መጠን እጅግ ያነሰ ሆኖ አገኙት። ወሬው ግን በዚህ አልበረደም። ስክሪን ፊት ላይ የሚለጠፍ ማጣሪያ መሸጥ ጥሩ ገበያ ሆነ።

በ1983 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ሰፊ ዘገባ አወጣ። ስክሪን ዓይንን ያበላሻል የሚል ማስረጃ አላገኘም። የሠራተኞቹ ድካም ግን የውሸት አልነበረም። ዘገባው ምክንያቱን የፈለገው በስክሪኑ ላይ በሚያንጸባርቅ የክፍል መብራት፣ ባልተመቸ አቀማመጥና በሥራው አደረጃጀት ውስጥ ነው። ልብ በሉ፤ ሰማያዊ ብርሃን እምብዛም በሌለው ብርቱካናማ ስክሪን ፊት የተቀመጡትም ሰዎች ዛሬ እኛ የምናሰማውን ያንኑ ስሞታ ያሰሙ ነበር።

ሰማያዊው ብርሃን የተጠረጠረው በሌላ መንገድ ነው። በ1976 ዊልያም ሃም እና ባልደረቦቹ በዝንጀሮዎች ዓይን ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ኃይለኛ የጨረር ብርሃን አብርተው፣ ሰማያዊው ከሌሎቹ በጣም ባነሰ ኃይል ሬቲናን እንደሚጎዳ አሳዩ። ግኝቱ ትክክል ነው፤ የብየዳ ሠራተኛ ያለ መከላከያ መሥራት የሌለበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ከዚያ በ1990ዎቹ ሰማያዊ ኤልኢዲ ተፈለሰፈ፤ ፈልሳፊዎቹ አካሳኪ፣ አማኖ እና ናካሙራ በ2014 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ዛሬ ስልካችንም ላፕቶፓችንም የሚበራው በእሱ ነው። ሻጮች ሁለቱን ነገሮች አገናኟቸው። የዘለሉት የመጠኑን ጉዳይ ነው። ከስክሪን የሚመጣው ሰማያዊ ብርሃን ደጅ ወጥተን ከሰማዩ ከምናገኘው እጅግ ያነሰ ነው። በአሶሳ ወይም በገነተ ማርያም በበጋ እኩለ ቀን ከቤት ወጥታችሁ ቀና ብትሉ፣ ከየትኛውም ስክሪን የበለጠ ሰማያዊ ብርሃን ዓይናችሁ ውስጥ ይገባል።

የሻጩ ባትሪስ? አብዛኛውን ጊዜ ብርሃኑ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ፣ የሞገድ ርዝመቱ 405 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ነው። የስክሪን ሰማያዊ ብርሃን ግን ከፍ የሚለው 450 ናኖሜትር አካባቢ ነው። እናም ሌንሱ የባትሪውን ብርሃን ሙሉ በሙሉ አግዶ፣ የስክሪኑን አብዛኛውን ክፍል ሊያሳልፍ ይችላል። ማሳያው ማታለያ ባይሆንም የሚያሳየው የሌላ ነገር መልስ ነው።

ቁርጡ የታወቀው ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ በማወዳደር ነው። በ2021 የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የኮምፒውተር ድካም ያለባቸውን 120 ሰዎች ወስደው ለግማሹ የሚያጣራ፣ ለሌላው ግማሽ ተራ ሌንስ ሰጥተው ለ2 ሰዓት ኮምፒውተር ላይ አሠሯቸው። በድካማቸው ላይ ልዩነት አልታየም። በ2023 ደግሞ ኮክሬን የተባለው የምርምር ገምጋሚ ድርጅት 17 እንዲህ ያሉ ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምሮ፣ ሌንሱ በአጭር ጊዜ የዓይን ድካምን ይቀንሳል የሚያሰኝ ነገር አላገኘም። ሬቲናን ይጠብቃል ወይ ለሚለውም መልስ የሚሰጥ ማስረጃ አልነበረም።

ታዲያ ዓይንን የሚያደክመው ምንድን ነው? ጃፓናውያኑ ጹቦታ እና ናካሞሪ በ1993 ሰዎች በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገቡ ቆጠሩ። ዘና ብሎ የተቀመጠ ሰው 22 ጊዜ ያህል፣ መጽሐፍ የሚያነብ 10፣ ስክሪን የሚያይ ግን 7 ጊዜ ብቻ ነበር። ሽፋሽፍታችን በተዘጋ ቁጥር እንባን በዓይን ላይ ያለብሳል፤ ካልተዘጋ እንባው ይተናል፣ ዓይን ይደርቃል። በዚያ ላይ ቅርብ ነገር ለማየት የዓይን ውስጥ ጡንቻ እንደተኮማተረ ይቆያል። ይህንን ሌንሱን ቢጫ ማድረግ አይፈታውም።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ፣ በጎንደር ከተማ 304 የባንክ ሠራተኞች ተጠይቀው ውጤቱ በ2017 ታትሞ ነበር። ከመቶ 73ቱ ቢያንስ አንድ ምልክት አለብን አሉ። ያለ ዕረፍት ከ20 ደቂቃ በላይ የሚሠሩት ስሞታቸው በግልጽ በዝቶ ነበር፤ አቀማመጣቸው ያልተስተካከለውም እንደዚሁ። ደግሞ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ፦ መነጽር የሚያደርጉት ካላደረጉት ይልቅ ይቸገሩ ነበር። መነጽሩ አሳመማቸው ማለት ግን አይደለም። ቀድሞም የማየት ችግር ያለበት ሰው ነው መነጽር የሚያደርገው፤ ቁጥሩ የቆየ ወይም ለሩቅ ብቻ የተሠራ መነጽር ደግሞ በክንድ ርቀት ላለ ስክሪን ላይመች ይችላል። ጥናቱ ሰዎች በቃል የተናገሩትን በአንድ ጊዜ የመዘገበ ስለሆነ የትኛው ምክንያት፣ የትኛው ውጤት እንደሆነ አይለይም።

ዕረፍት ራሱ በሙከራ ሲፈተንስ? በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ወደ 6 ሜትር ርቀት ተመልከቱ የሚለው ታዋቂ ምክር የመጣው ከአንድ አሜሪካዊ የዓይን ባለሙያ ነው፤ ቁጥሮቹ ለማስታወስ የሚመቹ እንጂ በሙከራ የተገኙ አይደሉም። በ2023 በ30 ሰዎች ላይ ሲሞከር በ40 ደቂቃ ንባብ መሀል የ20 ሰከንድ ዕረፍት ለውጥ አላመጣም። በ2000 በታተመ ሌላ ሙከራ ግን፣ መረጃ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገቡ ሠራተኞች ከተለመደው ዕረፍታቸው ላይ በቀን አራት ጊዜ 5፣ 5 ደቂቃ ሲጨመርላቸው የዓይን ድካማቸው ቀነሰ። የሚገርመው የሥራቸው መጠን አልቀነሰም። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ 20 ሰከንድ ሳትሆን ተነስቶ ውኃ ጠጥቶ የመመለስ ያህል ዕረፍት ናት የምትጠቅመው ብዬ ነው።

መብራቱን መፈተሽ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ስክሪኑን አጥፉና በተለመደው ቦታችሁ ተቀመጡ። በጥቁሩ መስታወት ላይ መስኮት ወይም አምፖል ጎልቶ ከታያችሁ፣ ስታበሩትም ዓይናችሁ ከዚያ ነጸብራቅ ጋር እየታገለ ነው። መስኮቱ በጎናችሁ እስኪሆን ጠረጴዛውን አዙሩት። ቀጥሎ ነጭ ገጽ ከፍታችሁ አጠገቡ ነጭ ወረቀት ያዙ፤ ገጹ እንደ መብራት ካበራ ብርሃኑን ቀንሱ፣ ግራጫ ከመሰለ ጨምሩ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ብዥታው ካልለቀቃችሁ፣ ለማጣሪያ ሌንስ የምታወጡትን ብር ለእይታ ምርመራ አድርጉት፤ ለመርማሪውም ስክሪኑን የምታዩበትን ርቀት በሴንቲሜትር ለክታችሁ ንገሩት።