በወላጅና በልጅ መካከል የሚጻፍ የብድር ውል

በአል አይን የምትሠራ እናት አዲስ አበባ ላለው ልጇ ለቤት መግዣ 400,000 ብር አበደረች እንበል። የገንዘብ መላኪያው ደረሰኝ የሚያስረዳው ገንዘቡ መላኩን እንጂ ብድር መሆኑን አይደለም፤ የመላኪያው ምክንያት «ለቤተሰብ ድጋፍ» ተብሎ ከተሞላማ፣ ልጁ «ስጦታ ነው» ቢል ወረቀቱ ለእርሱ ይመሰክራል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ አለዚያም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። ወሰኑ ብር ዋጋ በነበረው ዘመን የተቀመጠ በመሆኑ፣ ዛሬ የቤት ብድር ከዚህ በታች ሊሆን አይችልም። ጎረቤት ወይም አጎት «ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ» ቢል አይበቃም።

ስለዚህ ውሉ «ተበድሬአለሁ» የሚለውን ቃል፣ የገንዘቡን መጠንና የመመለሻውን ቀን ይያዝ፤ ልጁም በሁለት ምስክሮች ፊት ይፈርም። እናቲቱ አዲስ አበባ መሄድ ካልቻለች፣ አቡዳቢ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ባረጋገጠችው ውክልና ወኪሏ ይፈርምላታል። ውሉ ወደ ዓረብኛ ሲተረጎም ብድሩ «ቀርድ» ይባል፤ «ሂባ» ከተባለ ስጦታ ሆነ ማለት ነው። ወለድ ግን አይጻፍበት፤ በኤምሬትስ ግለሰብ ለግለሰብ በወለድ ማበደር በወንጀል ያስቀጣልና።