የውል መቀጫና አስቀድሞ የተገመተ ኪሳራ

የውል መቀጫ ተዋዋዮች ግዴታ ሳይፈጸም ቢቀር የሚከፈለውን ገንዘብ አስቀድመው የሚወስኑበት የውል ቃል ነው። የእንግሊዝ ሕግ እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ የኪሳራ ግምትን ከማስፈራሪያ ቅጣት ይለይ ነበር፤ የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ (ከቁጥር 1889 ጀምሮ) ግን ሁለቱን በአንድ ስም ያስተዳድራል፣ ጉዳት ባይደርስም መቀጫው ይከፈላል። ግምቱ ውሉ ሲፈረም ከሚታወቅ ወጪ ይነሣል። ለምሳሌ በሐረር ጁገል ጌ ጋር የተባለ የአንድ ባህላዊ ቤት ጥገና ቢዘገይ፣ ባለቤቱ ለጊዜያዊ ቤት በቀን 300 ብር፣ ለዕቃ ማስቀመጫ 50 ብር የሚከፍል ከሆነ፣ የቀን መቀጫው 350 ብር ይሆናል። የማዘግየት መቀጫ ከሥራው መፈጸም ጋር አብሮ ይጠየቃል፤ ላለመፈጸም የተወሰነው ግን አብሮ አይጠየቅም። የግምቱ ስሌት ከውሉ ጋር ቢያያዝ ክርክርን ይቀንሳል።