ግማሽ ዲግሪ የሚዘለው ቴርሞሜትር
የቤተ ሙከራ ሪፖርት ማጠቃለያ ገጽ፣ ጎንደር

ተማሪው በአርዱይኖ ኡኖና በኤልኤም35 ሴንሰር ዲጂታል ቴርሞሜትር ሠራ። የክፍሉ ሙቀት ሳይለወጥ ንባቡ 20.0፣ 20.5፣ 21.0 እያለ ይዘል ነበር።

የማጠቃለያው ብልህነት የዝላዩን መጠን መመርመሩ ነው። ሴንሰሩ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 10 ሚሊቮልት ይሰጣል፤ ኡኖ ደግሞ 5 ቮልትን በ1024 እርከን ስለሚከፍል አንዱ እርከን ግማሽ ዲግሪ ያህል ነው። ስለዚህ ጥቂት የኤሌክትሪክ ረብሻ ንባቡን ያዘልለዋል። የማመሳከሪያው ቮልቴጅ ወደ 1.1 ሲወርድ እርከኑ 0.11 ዲግሪ ገደማ ሆነ፤ የ16 ንባቦች አማካይ ሲወሰድም ዝላዩ ረገበ።

አማካይ ግን ቋሚ ስህተትን አያርምም። ያንን በፈላ ውኃ የሚፈትሽ ሰው፣ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ጎንደር 100 ሳይሆን 93 ዲግሪ አካባቢ ይጠብቅ።